የወፍ ፎቶ ሲጠፋ መልኩን በቃል እንዴት እንጽፋለን?

የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ጉድ ሆንኩልህ» አለ። ጠዋት ከደሴ ሲወርድ የተሳፈረበት ሚኒባስ ሐረጎ ላይ ጎማ ለመቀየር ቆመ። እሱም ወርዶ እግሩን ሲያፍታታ ከመንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ላይ አንድ ወፍ አየ። በስልኩ አነሳው። ማታ ስልኩ ሞላ ሲለው ፎቶዎቹን በጅምላ ሰረዘ። የወፉም ፎቶ አብሮ ሄደ።

«ጥቁር ነው። ሆዱ ቀይ ነው። ክንፉ ላይ ነጭ አለው። ምን ወፍ ነው?»

«አብሽር» አልኩት። ግን ወዲያው ስም አልሰጠሁትም። በእኛ አካባቢ ገደል ላይ እነዚህን ሦስት ነገሮች የሚያሟሉ ወፎች ከአንድ በላይ ናቸው። ቀለሙን ነግሮኛል። ቀለሙ የት የት እንደነበረ ግን አልነገረኝም። ያ ደግሞ ዋናው ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች እንዴት እንዳወጣነው ደረጃ በደረጃ እጽፋለሁ።

1. መጀመሪያ ፎቶው በእርግጥ መጥፋቱን አረጋግጡ

የተሰረዘ ፎቶ ብዙ ጊዜ ወዲያው ከስልክ አይጠፋም። Google Photos ላይ ከሆነ Trash የሚለውን ቅርጫት ክፈቱ። ወደ አካውንታችሁ ተጭኖ የነበረ ፎቶ እዚያ 60 ቀን ይቆያል። ያልተጫነው ደግሞ 30 ቀን። አይፎን ላይ Recently Deleted በሚለው ውስጥ ፈልጉ። ለጓደኛ በቴሌግራም ልካችሁት እንደሆነም አስታውሱ፤ ቻቱ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። የእህቴ ልጅ ቅርጫቱንም ባዶ አድርጎት፣ ለማንም አልላከውም ነበር። ስለዚህ ወደሚቀጥለው ሄድን።

2. የወፍ መጽሐፍ ሳትከፍቱ ጻፉ

ይህ ከሁሉም ደረጃዎች በላይ የምቆምለት ነው። ፎቶ ሲጠፋ የመጀመሪያው ፍላጎታችን ኢንተርኔት ገብቶ «ጥቁርና ቀይ ወፍ» ብሎ መፈለግ ነው። አታድርጉት። አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ፎቶ ካያችሁ፣ ያያችሁት ወፍ ቀስ ብሎ ያንን ፎቶ መምሰል ይጀምራል። ነጩ ትከሻው ላይ ያለ ወፍ ካያችሁ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የእናንተም ወፍ ትከሻው ነጭ ይሆናል። ልባችሁ እየዋሸ አይደለም። ያልያዘውን ቦታ ባገኘው ነገር ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ የትኛው የራሳችሁ፣ የትኛው የተዋሳችሁት እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ደብተርና እስክሪብቶ። ደብተር ከሌለ በስልካችሁ ድምፃችሁን ቅዱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ በእናንተና በወፉ መካከል የነበረውን ርቀት፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደነበረች አስፍሩ። ርቀቱን በሜትር ማወቅ ግዴታ አይደለም። «የአስፋልቱ ስፋት ሁለት እጥፍ» ማለት ይበቃል።

ፀሐይን የምጠይቀው በከንቱ አይደለም። ወፉ በእናንተና በፀሐይ መካከል ከነበረ ጠቆር ያለ ግራጫም ሆነ ጠቆር ያለ ቡናማ ሁሉም ጥቁር ሆኖ ይታያል። ቀይ ሆድ እንኳ ይጠቁራል። የእህቴ ልጅ ፀሐይ ከጀርባዬ ነበረች አለ። ይህን ስሰማ ቀለም ሲነግረኝ ልቤን አሳረፍኩ።

3. ገጹን ለሁለት ክፈሉ፦ «ከፎቶው» እና «ከዓይኔ»

ፎቶ አንስቶ ያጠፋ ሰው በራሱ ውስጥ ሁለት ትዝታ አለው። አንዱ ገደሉ ላይ ያየው ወፍ ነው። ሌላው በስልኩ መስታወት ላይ ያየው ሥዕል ነው። ሁለቱ ይደባለቃሉ። ብዙ ሰው «አስታውሰዋለሁ» ሲል የሚያስታውሰው ፎቶውን ነው። ከወፉ ይልቅ ፎቶውን ደጋግሞ አይቷልና።

ፎቶው አንዲት ቅጽበት ናት። ወፉ በአንድ ጎኑ ቆሟል፤ ክንፉ ታጥፏል፤ ሌላው ጎኑ አይታይም። ዓይናችሁ ግን ሲያርፍ፣ ሲዞር፣ ሲበርም አይቶታል። ምናልባት አጠገቡ የነበረ ሌላ ወፍም አይቷል። ስለዚህ በገጹ መሐል መስመር አስምሩ። በግራ በኩል በፎቶው ላይ የነበረውን ብቻ ጻፉ። በቀኝ በኩል ፎቶው ላይ ያልነበረውን፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን። እያንዳንዱን ነገር ስትጽፉ «ይህን የት ነው ያየሁት?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልስ ከሌለው፣ ከሁለቱም ውጭ ከታች አስቀምጡት።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ግራው ሞላ፣ ቀኙ ባዶ ሆነ። «ሌላ ምንም አላየሁም» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ትልቁ መልስ የመጣው ከዚያ ከባዶው በኩል ነው።

4. ዕንቁላል ሳሉ

ሥዕል አልችልም አትበሉ። አንድ ትልቅ ዕንቁላል አካል ነው። አንድ ትንሽ ዕንቁላል ራስ ነው። ጅራቱ አንድ መስመር፣ ምንቃሩ አንዲት ጫፍ። ክንፉን በትልቁ ዕንቁላል ላይ እንደ ጎመን ቅጠል አስተኙት። ይኸው ነው።

አሁን ያያችሁትን ቦታ ብቻ አጥቁሩ። ያላያችሁትን ቦታ ባዶ ተዉት። የምትጠራጠሩበት ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። ባዶ ቦታ ማለት «ነጭ ነው» ማለት አይደለም፤ «አላየሁም» ማለት ነው። ይህን ከሥዕሉ ሥር ጻፉት። አለበለዚያ ከሳምንት በኋላ እናንተው ራሳችሁ ትሳሳታላችሁ።

ለቦታዎቹ ስም ከቸገራችሁ ዶሮን አስቡ። አናት፣ ጉሮሮ፣ ደረት፣ ሆድ፣ ጀርባ፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ጅራት። ወገብ የምለው ከጀርባው በታች፣ ጅራቱ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ቦታ ነው። ወፉ ቆሞ ሳለ ክንፎቹ ይሸፍኑታል። ሲበር፣ በተለይ ከእናንተ በታች ወደ ሸለቆ ሲወርድ ግን ወለል ብሎ ይታያል። የገደል ወፎችን ለመለየት እሱን የመሰለ ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ጀርባው ጥቁር ነበር» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ጥቁሩ እስከ ጅራት ዘለቀ ወይስ ወገቡ ላይ ተቋረጠ?

5. «ቀይ» ብላችሁ አትተዉት

በእኛ ቋንቋ ቀይ ብዙ ነገር ነው። በርበሬም ቀይ ነው፣ አፈርም ቀይ ነው፣ ላምም ቀይ ናት፣ ሰውም ቀይ ይባላል። እነዚህ አንድ ቀለም አይደሉም። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ የሚመስለውን ነገር ጻፉ። የእህቴ ልጅ «ቀይ» ያለው ሆድ ስንመረምረው እንደ አዲስ ሸክላ ምጣድ ነበር። ገና ጥላሸት ያልነካው፣ ሞቅ ያለ። በርበሬ አይደለም። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ጥቁርም እንደዚያው ነው። ቁራ የሚመስል ጥቁር አለ። ዝናብ ያዘለ ደመና የሚመስል ግራጫም በችኮላ ጥቁር ይባላል። ቀጥሎ እንደምታዩት፣ ይህች ልዩነት ወንድና ሴት ትለያለች።

6. ነጩ የት ነበር? ቆሞስ? ሲበርስ?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጉዳዩ የሚፈታው እዚህ ነው።

የወፍ ክንፍ እንደ ጃንጥላ ነው። ጃንጥላ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ሲታጠፍ አይነበብም። ከጫፉ ትንሽ ፊደል ብቻ ትታያለች። ክንፍም ሲታጠፍ ረጃጅሞቹ የመብረሪያ ላባዎች እርስ በርስ ይደራረባሉ። እነሱ ላይ ያለ ነጭ ወፉ ሲቆም ወይ ጨርሶ አይታይም፣ ወይ እንደ ቀጭን ሰረዝ ወደ ጅራቱ በኩል ይታያል። ወፉ ሲነሣ ግን ብልጭ ይላል። ትከሻ ላይ ያለ ነጭ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ወፉ ቆሞም ይታያል፣ ከደረቱ አጠገብ፣ የክንፉ መጀመሪያ ላይ።

ስለዚህ ሁለት ሥዕል ሳሉ። አንዱ የቆመ፣ ሌላው ክንፉን የዘረጋ። በሁለቱም ላይ ነጩን አስቀምጡ። አንዱን ካላያችሁ ባዶ ተዉት።

ሌላ ሰው የምትጠይቁ ከሆነ ደግሞ አጠያየቃችሁን ጠብቁ። «ትከሻው ላይ ነጭ ነበረው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «አዎ» የሚል መልስ ገዛችሁ። በተለይ ጠያቂው ታላቅ ከሆነ፣ ታናሹ በአክብሮት ይስማማል። እኔ ጋሼ የሚለኝን ልጅ እንደዚያ ብጠይቀው ሥራው ያን ጊዜ ይበላሽ ነበር። «ነጩን በጣትህ የት ላይ ታስቀምጠዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ንግግራችን እንዲህ ነበር፦

«ፎቶው ላይ ወፉ ወዴት ዞሯል?»

«ወደ ግራ። ጎኑን ነው የሰጠኝ።»

«ነጩን የት ታስቀምጠዋለህ?»

ዝም አለ። ሥዕሉ ላይ እየሞከረ ነው። «ወደ ኋላ ነው። ከክንፉ ታች፣ ወደ ጅራቱ ተጠግቶ። ትንሽ ናት። የጥፍር ቁራጭ ታህላለች።»

«ስለ ትከሻውስ ምን ታስታውሳለህ?»

«ጥቁር ነው። አንጸባረቀብኝ።»

«ሲሄድ እንዴት ሄደ?»

«ሹፌሩ ጡሩንባ ሲነፋ ወደ ገደሉ ወረደ። ከላይ ነው ያየሁት። ቆይ... ሁለት ነጭ ነገር ታየ። በሁለቱም ክንፍ። ትልቅ ነበር፣ ቆሞ ካየሁት ይበልጣል።»

«በነጮቹ መሐል ያለውስ፣ ከጀርባው እስከ ጅራቱ?»

«እሱ ጥቁር ነው። እስከ መጨረሻው።»

ይህ የመጨረሻው መልስ ከ«ከዓይኔ» በኩል ነው የመጣው። ፎቶው በእጃችን ቢኖር ኖሮም አይነግረንም ነበር።

7. አሁን መጽሐፉን ክፈቱ

ገጻችሁ ካለቀ በኋላ ነው ማወዳደር የሚጀመረው። የሚወዳደሩት ሁለቱ ወፎች እነሆ። በአማርኛ የሚለያቸው የታወቀ ስም ስለሌለ፣ እዚህ አንደኛውን ባለነጭ ትከሻ፣ ሁለተኛውን ባለነጭ ክንፍ እላቸዋለሁ። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጓቸው የመጀመሪያውን Thamnolaea cinnamomeiventris፣ ሁለተኛውን Monticola semirufus ብላችሁ ጻፉ።

ሁለቱም የድንጋይና የገደል ወፎች ናቸው። ሁለቱም ከድንቢጥ ይተልቃሉ፣ ከዋኔ ያንሳሉ። የሁለቱም ወንድ ጥቁር ነው፣ ሆዱ የሸክላ ቀለም ነው፣ ክንፉ ላይ ነጭ አለው። «ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ» የሚለው የስልክ መልእክት ሁለቱንም እኩል ይገልጻቸዋል።

ልዩነቱ ቦታው ላይ ነው። ባለነጭ ትከሻው ነጩ የክንፉ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ቆሞም ከሩቅ ይታያል። ወገቡ ደግሞ እንደ ሆዱ የሸክላ ቀለም ነው። ስለዚህ ሲበር ከላይ ካያችሁት፣ በጥቁር ጀርባና በጥቁር ጅራት መካከል ቀላ ያለ ቦታ ታያላችሁ። ባለነጭ ክንፉ ግን ነጩ በረጃጅሞቹ የመብረሪያ ላባዎች ላይ ነው፤ ቆሞ ትንሽ፣ ሲበር ትልቅ። ወገቡ ጥቁር ነው።

የእህቴ ልጅ ወፍ የቱ እንደሆነ አሁን እናንተም ታውቃላችሁ።

ሴቶቹ የበለጠ ይለያያሉ። የባለነጭ ትከሻው ሴት ጥቁር ሳትሆን ያ የደመና ግራጫ ናት። ክንፏ ላይ ነጭ የላትም። ሆዷና ወገቧ ግን ቀላ ያለ ነው። የባለነጭ ክንፉ ሴት ጥቁር ቡናማ ናት፤ ደረቷ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ነጠብጣብና ጥለት አለው። በክንፏ ላይ ያለው ነጭ ግን እንደ ወንዱ ነው።

ይህን ሳነብለት የእህቴ ልጅ ድምፁ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ሌላ ነበረችኮ! ከካቡ ሥር። ደረቷ ጉሬዛ ነገር፣ ጠቃጠቆ። ሌላ ዓይነት ወፍ መስላኝ አላነሳኋትም።»

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አደረግሁ። ይህን ያስታወሰው እኔ ካነበብኩለት በኋላ ነው። እንደ መጀመሪያዎቹ ቃሎቹ አይመዘንም። ስለዚህ በደብተሩ «ከንባብ በኋላ የታወሰ» በሚል ለብቻው አስጻፍኩት። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥንዶች ብዙ ጊዜ አብረው ይታያሉ። ግን መልሱን የወሰነው እሷ አይደለችም፤ የወንዱ ነጭና ወገብ ነው።

ሌሎች ሁለት ወፎችንም ከመዝገባችን ማስወጣት ነበረብን። ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ፎቅ ጣሪያ ላይ ሳይቀር፣ እያፏጨ የሚዞር ጥቁር ወፍ አለ። እሱም «ጥቁርና ቀይ» ነው። ግን ቀዩ ሆዱ ላይ ሳይሆን ክንፉ ላይ ነው፣ ሲበር ይገለጣል። ሆዱ ጥቁር ነው። ነጭ የለውም። ሌላው ደግሞ ሁለንተናው ጥቁር ሆኖ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ የሚያሳይ የገደል ወፍ ነው፤ ቀላ ያለ ሆድ የለውም። ወፉ በፀሐይ ፊት ለፊት ታይቶ ቢሆን ኖሮ ሆዱም ጥቁር ይመስል ነበር፣ ከዚህኛው ለመለየትም እንቸገር ነበር። ስለ ብርሃኑ መጀመሪያ የጠየቅኩት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ብዙ ጊዜ ጠባዩን ይነግረኛል፤ «ጅራቱን ቀስ አድርጎ ያነሣል» ይላል። ባለነጭ ትከሻው ይህን ማድረጉ እውነት ነው፤ ጅራቱን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ያነሣና ይመልሳል። የሌሎች ወፎችን ድምፅ በመቅዳትም ይታወቃል። ጠባዩን ጻፉት፣ ይጠቅማል። ግን ጅራት የሚያነሣ ወፍ ብዙ ነው። ጠባይ ብቻውን መልክን አይሽርም።

8. ለሚለይላችሁ ሰው የምትልኩት ጽሑፍ

መልሱን ብታውቁም መጀመሪያ ስሙን አትጻፉ። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። የሚያነበው ሰው ራሱ ይድረስበት፤ ያኔ መልሳችሁ በሁለት ሰው ይጸናል። የእህቴ ልጅ የላከው ይህን ነው፦

«ሐረጎ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ፣ የድንጋይ ካብ ላይ። ጠዋት፣ ፀሐይ ከጀርባዬ። ርቀቱ የአስፋልቱ ስፋት ሁለት እጥፍ ገደማ። ፎቶው ተሰርዟል። ከድንቢጥ የሚበልጥ፣ ከዋኔ የሚያንስ። ከፎቶው፦ ራስ፣ ጉሮሮ፣ ደረትና ትከሻ የሚያንጸባርቅ ጥቁር። ሆድ እንደ አዲስ ሸክላ። በታጠፈው ክንፍ ላይ ወደ ጅራቱ በኩል ትንሽ ነጭ። ከዓይኔ፦ ወደ ገደል ሲወርድ ከላይ አየሁት፤ በሁለቱም ክንፍ ላይ ትልቅ ነጭ፤ ጀርባና ወገብ እስከ ጅራት ጥቁር። ያላየሁት፦ የእግሩ ቀለም፣ የጅራቱ ሥር በታች በኩል። ድምፁን አልሰማሁም። ስለ ሁለተኛዋ ወፍ ከንባብ በኋላ ያስታወስኩት ስላለ ለብቻው ጽፌያለሁ።»

«ያላየሁት» የሚለውን መስመር ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን የሰውን ጽሑፍ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። ሁሉንም አየሁ የሚል ሰው ከየት እንዳመጣው አላውቅም። እግሩን አላየሁም ያለኝ ሰው ወገቡን አየሁ ሲለኝ አምነዋለሁ።

9. የት ላይ ማቆም እንዳለባችሁ

አንዳንዴ ገጹ አይሞላም። ወፉ ሲበር ካልታየ፣ ነጩም «ክንፉ ላይ» ከሚለው ካላለፈ፣ መልሱ «ከሁለቱ አንዱ» ነው። ያንኑ ጻፉ። ባለነጭ ክንፉ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኝ ወፍ ነው። ባለነጭ ትከሻው ግን እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ አለ። ሰው ብርቅ የሆነውን መምረጥ ይወዳል፤ እኔም ይቃጣኛል። ለዚህ ነው ብርቁን ከመጻፍ በፊት ቢያንስ ከነጩ ቦታና ከወገቡ ቀለም አንዱ በግልጽ መታየት አለበት የምለው። ጫጩቶችም ያሳስታሉ። ገና ከጎጆ የወጣ ወፍ የእናቱንም የአባቱንም መልክ በሙሉ ላይዝ ይችላል።

ነፍሳት ላይ ከሆነ መንገዱ ያው ነው፣ ግን መቁጠር ይጨመርበታል። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ብርቱካንማ ሆና የክንፏ ጫፍ ጥቁር፣ በጥቁሩ ላይ ነጭ ያለባት ቢራቢሮ ብታዩና ፎቶዋ ቢጠፋ፣ ቀለሟ አይበቃም። መራራ የሆነችውን፣ ወፎች የማይበሏትን ቢራቢሮ፣ የሌላ ዓይነት ቢራቢሮ ሴት ተመሳስላት ትኖራለች። የሚለያቸው የኋላ ክንፍ ላይ ያሉት ጥቁር ነጥቦች ናቸው። መራራዋ በክንፉ መሐል አካባቢ ሦስት ወይም አራት ነጥብ አላት። አስመሳይዋ አንድ ብቻ፣ እሱም ከክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ። ስለዚህ «ነጥብ አላት» ሳይሆን «ስንት፣ የት» ብላችሁ ጻፉ። ክንፏ ተዘርግቶ ወይም ተከድኖ እንደነበረም ጨምሩ።

10. ተመልሳችሁ ሂዱ

እንደነዚህ ያለ የገደል ወፍ አንድ ጥሩ ነገር አለው። አገሩን አይለቅም። የዛሬ ሳምንት የነበረበት ካብ አካባቢ ዛሬም የመገኘቱ ዕድል ጥሩ ነው። ስለዚህ ፎቶ ሲጠፋ የመጨረሻው ደረጃ እግር ነው። ቢቻል ባያችሁበት ሰዓት፣ ፀሐይ ከጀርባችሁ ስትሆን ሂዱ። የምትፈልጉትን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። ለእኛ ወገቡ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እሱ ከኮምቦልቻ ወጣ፣ እኔ ከደሴ ወረድኩ። ሐረጎ ላይ ተገናኘን። ጭጋጉ እስኪገፈፍ ጥቂት ጠበቅን። ካቡ ባዶ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወንዱ ከታች ወጥቶ እዚያው ድንጋይ ላይ አረፈ። የእህቴ ልጅ ስልኩን አወጣ፤ ገና ከማንሳቱ በፊት ወፉ ተነሥቶ ወደ ገደሉ ወረደ። ሁለት ነጭ፣ በመሐላቸው ጥቁር ጀርባ፣ ጥቁር ወገብ፣ ጥቁር ጅራት። ሁለታችንም አየን። ፎቶ ግን አሁንም የለንም። ሴቷ አልወጣችም። በደብተሩ ላይ የሷ መስመር እስካሁን እንደነበረ ነው፦ «አንድ ጊዜ፣ በዓይን፣ ከንባብ በኋላ የታወሰ።»